ከአንድ ላሜራ ትልቁን ሣጥን ማውጣት

ከአራት ማዕዘን ላሜራ ክዳን የሌለው ሣጥን መሥራት ቀላል ነው። ከአራቱም ማዕዘኖች እኩል ካሬ ተቆርጦ ይወጣል፤ የቀሩት አራት ክንፎች ወደ ላይ ይታጠፋሉ፤ መገጣጠሚያዎቹ ይበየዳሉ። ጥያቄው አንድ ነው፦ የሚቆረጠው ካሬ ጎኑ ስንት ይሁን? ትንሽ ከተቆረጠ ሣጥኑ እንደ ትሪ ሰፊና ጠፍጣፋ ይሆናል። ብዙ ከተቆረጠ ደግሞ ቁመቱ ይረዝምና ወለሉ ይጠባል።

80 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላሜራ እንውሰድ። ከየማዕዘኑ 5 ሳንቲ ሜትር ብንቆርጥ ወለሉ 70 በ40፣ ቁመቱ 5 ይሆናል፤ ሣጥኑም 14 ሊትር ይይዛል። 15 ብንቆርጥ ወለሉ 50 በ20 ሆኖ 15 ሊትር ይይዛል። 20 ብንቆርጥ ግን ይዘቱ ወደ 8 ሊትር ይወርዳል። እንግዲህ ይዘቱ መጀመሪያ ይጨምራል፣ አንድ ቦታ ላይ ጣሪያው ይደርሳል፣ ከዚያ ይቀንሳል።

የቁርጡን ጎን x ብንለው፣ ከሁለቱም ጫፍ ስለሚቆረጥ ርዝመቱ 80 − 2x፣ ወርዱ 50 − 2x ይሆናል። ቁመቱ ራሱ x ነው። ሦስቱን ስናባዛ ይዘቱን እናገኛለን፦

V = x(80 − 2x)(50 − 2x)

ይህ x እስከ ሦስተኛ ደረጃ የሚባዛበት ቀመር ነው። በግራፍ ሲሳል መስመሩ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ከዚያም እንደገና ሽቅብ ይሄዳል። ወጥመዱ ያለው በዚህ ሁለተኛ አወጣጥ ላይ ነው። በx ቦታ 50 ብናስገባ ቀመሩ 50 ሊትር ይለናል! ነገሩ እንዲህ ነው፦ ርዝመቱ −20፣ ወርዱ −50 ይሆናል፤ ሁለት ኔጌቲቮች ሲባዙ ደግሞ ፖዘቲቭ ይሰጣሉ። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ሣጥኑ ግን የለም። ወርዱ 50 ብቻ የሆነ ላሜራ ከሁለቱም ጎን 25 ሲቆረጥለት ወለሉ ያልቃል። ስለዚህ x ከ0 በላይና ከ25 በታች መሆን አለበት። ከዚህ ክልል ውጭ ቀመሩ የሚናገረው ሁሉ ስለ ሣጥን አይደለም።

ትልቁን ይዘት ለማግኘት ያለ ካልኩለስም ማሰብ ይቻላል። ቁርጡን በአንድ ሚሊ ሜትር እንጨምር። ቁመቱ በአንድ ሚሊ ሜትር ስለሚያድግ፣ በወለሉ ስፋት ልክ የሆነ ስስ ንብርብር እናተርፋለን። አራቱም ግድግዳዎች ግን በአንድ ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይጠጋሉ፤ በግድግዳዎቹ ስፋት ልክ እንከስራለን። ትርፉ ከኪሳራው እስከበለጠ ድረስ ቁርጡን መጨመር ያዋጣል። ጣሪያው የሚገኘው የወለሉ ስፋት ከአራቱ ግድግዳዎች ድምር ስፋት ጋር እኩል ሲሆን ነው።

በእኛ ላሜራ 5 ስንቆርጥ ወለሉ 2,800 ካሬ ሳንቲ ሜትር፣ ግድግዳዎቹ 1,100 ናቸው፤ ገና መቁረጥ ያዋጣል። 15 ስንቆርጥ ወለሉ 1,000፣ ግድግዳዎቹ 2,100 ይሆናሉ፤ አልፈነዋል። 10 ስንቆርጥ ወለሉ 60 በ30፣ ማለትም 1,800 ነው፤ ግድግዳዎቹም 1,800። የሣጥኑ ይዘት 18 ሊትር ሲሆን ከዚህ ላሜራ በዚህ አሠራር ከዚያ በላይ አይወጣም።

ካልኩለስ የተማረ ሰው እዚሁ ውጤት ላይ የሚደርሰው 3x² − 130x + 1000 = 0 የሚለውን እኩልታ ፈትቶ ነው። እኩልታው ግን ሁለት መልስ ይሰጠዋል፦ 10 እና 33.3 ገደማ። ሁለተኛው ከ25 ስለሚበልጥ ይጣላል።

የክልሉ ነገር በሌላ መንገድም ይመጣል። ሣጥኑ ከመደርደሪያ ሥር እንዲገባ ቁመቱ ከ8 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም እንበል። አሁን 10 ከክልሉ ውጭ ነው። እስከ 8 ድረስ ይዘቱ እየጨመረ ስለሚሄድ ምርጡ ቁርጥ ጫፉ ላይ ያለው 8 ራሱ ነው፤ 17.4 ሊትር ገደማ ይይዛል። እኩልታውን ብቻ የሚፈታ ተማሪ ይህን መልስ አያገኘውም፤ የክልሉን ጫፎች መፈተሽ አለበት።

ለባለሙያው የሚያጽናናው፣ በጣሪያው አካባቢ ግራፉ ለጥ ያለ መሆኑ ነው። በ10 ፈንታ 9 ወይም 11 ቢቆረጥ ይዘቱ በሁለቱም በኩል 17.86 ሊትር ገደማ ነው፤ ኪሳራው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ላሜራው ካሬ ከሆነ ደግሞ ምርጡ ቁርጥ ሁልጊዜ የጎኑ አንድ ስድስተኛ ነው። አራት ማዕዘኑ እየረዘመ ሲሄድ ቁርጡ ወደ አጭሩ ጎን አንድ አራተኛ ይጠጋል፤ ከዚያ ግን አያልፍም። ያገኙት መልስ በአጭሩ ጎን አንድ ስድስተኛና አንድ አራተኛ መካከል ካልወደቀ፣ መቀሱን ከማንሳትዎ በፊት ስሌቱን እንደገና ይመልከቱ።