ከደመወዝ የሚቆረጥ ወለድ አልባ የሠራተኛ ብድር እንዴት ይመዘገባል?

አሠሪ ለሠራተኛው ያለ ወለድ ማበደሩ በአገራችን መሥሪያ ቤቶች የተለመደ ነው። ለልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለቤት ኪራይ ቅድሚያ ወይም ለሕክምና ተብሎ የሚወጣው ገንዘብ በየወሩ ከደመወዝ እየተቆረጠ ይመለሳል። ነገሩ ከላይ ሲታይ ቀላል ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ብድሩና ደመወዙ መዝገቡ ላይ ይደባለቃሉ። ደመወዝና ብድር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደመወዝ ሠራተኛው በሥራው ያገኘው መብት ሲሆን ለድርጅቱ ወጪ ነው። ብድሩ ደግሞ ድርጅቱ ከሠራተኛው የሚሰበስበው ሀብት ነው። ወርኃዊው ተቀናሽ ደመወዙን አይቀንሰውም። ሠራተኛው ሙሉ ደመወዙን ያገኛል፤ ከዚያው ላይ የተወሰነውን ዕዳውን ይከፍልበታል። ይህ መለያየት ከጠፋ ግብሩም፣ ጡረታውም፣ የብድሩ ቀሪ ሂሳብም ተከታትለው ይበላሻሉ።

ነገሩን በቁጥር እንየው። የወር ደመወዙ 18,000 ብር የሆነ የግል ድርጅት ሠራተኛ 36,000 ብር ተበድሮ በ12 ወር፣ በየወሩ 3,000 ብር ሊመልስ በጽሑፍ ተስማማ እንበል። ገንዘቡ በወጣበት ቀን የሚሠራው ጆርናል አጭር ነው። የሠራተኛ ብድር ተሰብሳቢ ሂሳብ በ36,000 ብር ዴቢት ይደረጋል፣ ባንክ በዚያው መጠን ክሬዲት ይደረጋል። የደመወዝ ወጪ እዚህ ቦታ የለውም፤ ድርጅቱ አንድ ሀብት (ጥሬ ገንዘብ) በሌላ ሀብት (ተሰብሳቢ) ለወጠ እንጂ ምንም ወጪ አላወጣም። የመጀመሪያው ፔይሮል ሲደርስ በገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ግብሩ 4,250 ብር ይሆናል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ በ7 በመቶ 1,260 ብር፣ የድርጅቱ በ11 በመቶ 1,980 ብር ነው። እነዚህ ሁሉ የሚሰሉት በ18,000 ብር ላይ ነው። የብድሩ 3,000 ብር የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ስለሆነ የሠራተኛው የተጣራ ክፍያ 9,490 ብር ይሆናል። ጆርናሉ ላይ የደመወዝ ወጪ 18,000 እና የጡረታ ወጪ 1,980 ዴቢት ይሆናሉ። ክሬዲቱ ደግሞ ተከፋይ ግብር 4,250፣ ተከፋይ ጡረታ 3,240፣ የሠራተኛ ብድር 3,000፣ ተከፋይ ደመወዝ 9,490 ነው። ሁለቱም ወገን 19,980 ብር ላይ ይገናኛሉ።

አንዳንድ የሂሳብ ሠራተኞች በዚህ ላይ የሚያነሱት ተቃውሞ አለ። «ከባንክ የሚወጣው ያው ገንዘብ ነው፤ ደመወዙን 15,000 ብዬ ብመዘግበው ምን ይለወጣል?» ይላሉ። የሚለወጠው ብዙ ነው። በ15,000 ብር ላይ ሲሰላ ግብሩ 3,200 ብር ብቻ ስለሚሆን በየወሩ 1,050 ብር፣ በዓመት 12,600 ብር ሳይከፈል ይቀራል። ግብር የሚቆረጠው ከሠራተኛው ቢሆንም ቀንሶ ገቢ የማድረግ ግዴታው የአሠሪው ስለሆነ በኦዲት ሲገኝ የሚጠየቀው ድርጅቱ ነው። በጡረታም በኩል በሠራተኛውና በድርጅቱ ድርሻ በድምሩ 540 ብር በወር ይጎድላል፣ የሠራተኛውም የጡረታ መብት በዝቅተኛ ደመወዝ ላይ ይቆማል። የአገልግሎት ካሣና የዓመት ፈቃድ ክፍያ ሲሰላ ደግሞ ደመወዙ ስንት ነበር የሚለው ክርክር ይነሳል። ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው ምልክት ግን በሌጀሩ ላይ ነው። ሠራተኛው በየወሩ 3,000 ብር ይቆረጥበታል፣ የብድር ሂሳቡ ግን 36,000 ብር ላይ እንደተገተረ ይቀራል፤ ምክንያቱም ተቀናሹ የደመወዝ ወጪን እንጂ ብድሩን አልቀነሰም። ድርጅቱ ትርፉን ከእውነተኛው በላይ ያሳያል፣ ሠራተኛውም የከፈለውን ዕዳ ገና ያልከፈለ ይመስላል።

ስህተቱ በተገላቢጦሽም ይመጣል፤ የዚህኛው ምንጭ ፔይሮሉ ላይ ያለችው «ልዩ ልዩ ተቀናሽ» የምትባለው ዓምድ ናት። እዚያች ዓምድ ውስጥ የሚገባው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር ክፍያ፣ የፍርድ ቤት የቀለብ ትእዛዝ፣ የእድር መዋጮ ድርጅቱ ለሌላ ሰው ብሎ የሚሰበስበው አደራ ነው። ስለዚህ ክሬዲቱ ወደ ተከፋይ ሂሳብ ይሄዳል፣ ገንዘቡም ለባለቤቱ ሲተላለፍ ሂሳቡ ይዘጋል። ድርጅቱ ራሱ ያበደረው ግን የራሱ ገንዘብ ስለሆነ ክሬዲቱ የሚሄደው በቀጥታ ወደ ተሰብሳቢው ሂሳብ ነው። እንደ ፒችትሪ ባሉ ሶፍትዌሮች ለእያንዳንዱ ተቀናሽ የሂሳብ መደብ የሚመርጠው ያደራጀው ሰው ነው። አንዴ ሁሉም ተቀናሽ ወደ ተከፋይ እንዲሄድ ከተደረገ የብድሩ ተቀናሽ በተከፋይ በኩል እየተጠራቀመ፣ ብድሩ ደግሞ በተሰብሳቢ በኩል ሳይነካ ይቆያል። ዓመቱ ሲያልቅ ማንም የማይጠይቀው 36,000 ብር ተከፋይ እና ማንም የማይሰበስበው 36,000 ብር ተሰብሳቢ ጎን ለጎን ይታያሉ። በፔይሮሉ ላይ ለብድሩ የራሱን ዓምድ መስጠት ይህን ችግር ከሥሩ ይነቅለዋል።

ቀሪ ሂሳቡን መከታተያ መንገዱም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ብዙ ቦታ አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ ቀመሩ በየወሩ 3,000 ብር ከቀሪው ላይ ይቀንሳል። ሠራተኛው ያለ ደመወዝ ፈቃድ ከወጣ ግን ተቀናሽ የለም፤ ቀመሩ ይህን አያውቅምና ያልተከፈለውን እንደተከፈለ ይቆጥራል። ከሠንጠረዡ ላይ መጀመር ሳይሆን ፔይሮሉ ላይ በእውነት ከተቆረጠው ተነስቶ የየሠራተኛውን ካርድ መሙላት ነው የሚያዋጣው። በወሩ መጨረሻ የካርዶቹ ድምር በዋናው ሌጀር ላይ ካለው የሠራተኛ ብድር ሂሳብ ጋር እኩል መሆን አለበት። ሌላው መታየት ያለበት የመጨረሻው ወር ነው። ብድሩ 35,000 ብር ቢሆን ለ12 ያለ ቀሪ ስለማይካፈል በየወሩ 2,917 ብር ተቆርጦ የመጨረሻው ወር 2,913 ብር ይሆናል። ተቀናሹን ማቆም ተረስቶ አንድ ወር ካለፈ የሠራተኛው ካርድ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በተሰብሳቢ ሂሳብ ላይ የክሬዲት ቀሪ ማየት ድርጅቱ ለሠራተኛው ባለዕዳ መሆኑን ስለሚነግር ገንዘቡ በዚያው ወር ሊመለስለት ይገባል።

የተቀናሹን መጠን አሠሪው እንደፈለገ አይወስነውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 ከደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሲሆን ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይገድባል። በምሳሌያችን ሲሶው 6,000 ብር ነው። ብድሩ ብቻውን ሲታይ 3,000 ብር በመሆኑ አያስጨንቅም፤ ሠራተኛው ለቁጠባ ማኅበሩ ሌላ 3,500 ብር የሚከፍል ከሆነ ግን ድምሩ 6,500 ብር ይደርሳል። ብድር ሲፈቀድ ነባር ተቀናሾችን ማየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ከተፈቀደ በኋላ ፔይሮል ሠሪው ብቻውን ሊያስተካክለው አይችልም። የተፈረመው ስምምነት ከጆርናል ቫውቸሩ ጋር አብሮ መታሰሩም ከሰነድ ሥርዓት ያለፈ ትርጉም አለው፤ ክርክር ሲነሳ ተቀናሹን ሕጋዊ የሚያደርገው ያ ወረቀት ነው።

እስካሁን ያልነው ብድሩን በወጣበት መጠን በ36,000 ብር የሚይዝ ነው። በፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ዓለም አቀፍ ደረጃዎችን ተከትለው ሪፖርት የሚያዘጋጁ ድርጅቶች ግን አንድ ጥያቄ ይጨመርባቸዋል። ዛሬ የሰጡት 36,000 ብር ተቆራርጦ በዓመት ውስጥ ሲመለስ ዛሬ ያለው ዋጋ ስንት ነው? የገበያው የብድር ወለድ በወር 1.5 በመቶ ነው ብንል የ12ቱ ክፍያዎች የዛሬ ዋጋ 32,723 ብር ገደማ ነው። ቀሪው 3,277 ብር ሠራተኛው በወለድ መልክ ያልከፈለው፣ ድርጅቱም የተወለት ጥቅም ነው። ስለዚህ ብድሩ በ32,723 ብር ይመዘገባል፣ ልዩነቱም እንደ ቅድሚያ የተከፈለ የሠራተኛ ጥቅማ ጥቅም ተይዞ በብድሩ ዘመን ወደ ወጪ ይዛወራል። ብድሩ ላይ ደግሞ በየወሩ የወለድ ገቢ ይታሰባል፤ የመጀመሪያው ወር 491 ብር ያህል ነው።

ይህን አመዘጋገብ የሚቃወሙ ሰዎች ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ወለዱ በገቢ፣ ጥቅሙ በወጪ ከተመዘገበ በብድሩ ዘመን መጨረሻ ሁለቱ ይጣፋሉ፤ ታዲያ ድካሙ ለምንድን ነው? ለአንድ ሰው የአንድ ዓመት ብድር ከሆነ እውነታቸውን ነው፤ መጠኑ ከሪፖርቱ አንጻር ኢምንት ስለሚሆን በወጣበት ዋጋ መያዙ ማንንም አያሳስትም። መልሱ የሚለወጠው መጠኑና ዘመኑ ሲያድጉ ነው። ለበርካታ ሠራተኞች ለአምስትና ለአሥር ዓመት በሚሰጥ ብድር የዛሬው ዋጋ ከወጣው ገንዘብ እጅግ ያንሳል፤ የሀብት መግለጫው ይህን ካላሳየ ድርጅቱ የሌለውን ሀብት አለኝ ይላል። ለሠራተኛው የሚያወጣው እውነተኛ ወጪም ተደብቆ ይቀራል። ጥቅሙ ከግብር አንጻርም ይታያል። የገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009 ከገበያ ወለድ ባነሰ ለሠራተኛ የሚሰጥ ብድርን በዓይነት ከሚሰጡ ጥቅሞች ይቆጥረዋል፣ ስለዚህ «ወለድ አልባ» ማለት ከግብር ጥያቄ ነፃ ማለት አይደለም። የግብሩ ስሌት በደንቡ የሚመራ በመሆኑ ከላይ ያለው የ3,277 ብር አሃዝ በቀጥታ ለግብር አይውልም።

አስቸጋሪው ሠራተኛው ዕዳውን ሳይጨርስ ሲለቅ ነው። ከአምስት ወር በኋላ ከለቀቀ 15,000 ብር መልሷል፣ 21,000 ብር ቀርቶበታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ ለሠራተኛው የሚገባው ክፍያ ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲከፈለው ስለሚያዝ ለስሌቱ ያለው ጊዜ ጠባብ ነው። የብድር ስምምነቱ ቀሪው ከመጨረሻ ክፍያው ላይ እንዲታሰብ በግልጽ ከተናገረ የመጨረሻው ክፍያ በሙሉ መጠኑ ይሰላል፣ ግብሩ ይቀነሳል፣ ከዚያ የብድሩ ቀሪ ይታሰባል። ክፍያው ለዕዳው ካልበቃ የቀረው ወደ ቀድሞ ሠራተኞች ተሰብሳቢ ይዛወርና የመሰብሰብ ዕድሉ ተገምግሞ መጠባበቂያ ይያዝለታል። ድርጅቱ ዕዳውን ሊምርለት ከወሰነ ደግሞ በደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት የተማረው ዕዳ ራሱ ለሠራተኛው የተሰጠ ጥቅም ስለሆነ በጸጥታ ከመዝገብ ፍቆ ማጥፋት አይቻልም። ወጪው ይመዘገባል፣ የሠራተኛው ግብርም ይታሰባል። ይህን ውሳኔ ብድሩን ያወጣው ሰው ብቻውን እንዳይወስነውና ስረዛው በሥራ አስኪያጅ ፊርማ ብቻ እንዲሆን ማድረግ የተለመደ የቁጥጥር ሥርዓት ነው።