ውስብስብ ክፍልፋይን ማቃለል

ውስብስብ ክፍልፋይ ማለት በላዕሉ፣ በታህቱ ወይም በሁለቱም ውስጥ ሌላ ክፍልፋይ የያዘ ክፍልፋይ ነው። ማቃለል ሲባል ዋጋውን ሳይለውጡ አንድ ላዕልና አንድ ታህት ብቻ ወዳለው ተራ ክፍልፋይ ማምጣት ነው። ለዚህ ሁለት የተለመዱ ዘዴዎች አሉ፤ ሁለቱም አጫጭር ናቸው። ብዙውን ጊዜ ስህተት የሚፈጠረው ግን ቁጥሮችን በማጣፋት ላይ ነው፤ ማለትም ሊጣፉ የማይችሉ ቁጥሮች ከላይና ከታች ተመሳስለው በመታየታቸው ብቻ ሲሰረዙ ነው።

## የዋናው መስመር ትርጉም

ውስብስብ ክፍልፋይ ውስጥ ከአንድ በላይ የክፍልፋይ መስመር ይኖራል። ከሁሉም ረጅሙ ዋናው መስመር ይባላል። ዋናው መስመር ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ከላይ ያለው በሙሉ ከታች ላለው በሙሉ እንደሚካፈል ያመለክታል። ሁለተኛ፣ ከላይ ያለውንም ከታች ያለውንም በማይታይ ቅንፍ ያስራል። ስለዚህ ክፍልፋዩ በአንድ መስመር ሲጻፍ ቅንፎቹ መታየት አለባቸው።

(1/2) / 3 = 1/6
1 / (2/3) = 3/2

ሁለቱም ላይ 1፣ 2 እና 3 በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ተቀምጠዋል፤ ዋናው መስመር ያለበት ቦታ ግን ስለተለያየ የአንዱ ዋጋ የሌላው ዘጠኝ እጥፍ ሆኗል። በሒሳብ ማስያ ላይም ይኸው ነው። አምስት ስድስተኛን ለሰባት አሥራ ሁለተኛ ለማካፈል ያለ ቅንፍ 5/6/7/12 ተብሎ ቢገባ፣ ማስያው ከግራ ወደ ቀኝ በተከታታይ ያካፍልና 5/504 ይሰጣል። ትክክለኛው አገባብ (5/6)/(7/12) ሲሆን ውጤቱ 10/7 ነው።

## አንደኛው ዘዴ፦ አዋህዶ መገልበጥ

በዚህ ዘዴ መጀመሪያ ላዕሉ ወደ አንድ ክፍልፋይ፣ ታህቱም ወደ አንድ ክፍልፋይ ይጠቃለላል። ከዚያ የታችኛው ክፍልፋይ ተገልብጦ ከላይኛው ጋር ይባዛል። የሚከተለውን እንውሰድ፦

(1/2 + 1/3) / (3/4 − 1/6)

ላዕሉ፦ 1/2 + 1/3 = 3/6 + 2/6 = 5/6
ታህቱ፦ 3/4 − 1/6 = 9/12 − 2/12 = 7/12

አሁን ከላይ አንድ ክፍልፋይ፣ ከታችም አንድ ክፍልፋይ ብቻ አለ። ስለዚህ መገልበጥ ይቻላል፦

5/6 × 12/7 = 60/42 = 10/7

ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። ታህቱ ወደ አንድ ክፍልፋይ ሳይጠቃለል መገልበጥ አይቻልም፤ ምክንያቱ ከታች ይብራራል።

## ሁለተኛው ዘዴ፦ በጋራ ብዜት ማባዛት

ሁለተኛው ዘዴ የውስጥ ክፍልፋዮችን በአንድ ጊዜ ያስወግዳል። የትንንሾቹ ክፍልፋዮች ታህቶች በሙሉ ተሰብስበው ትንሹ የጋራ ብዜታቸው ይፈለግና ዋናው ላዕልና ዋናው ታህት በእሱ ይባዛሉ። ከላይ ባለው ምሳሌ ታህቶቹ 2፣ 3፣ 4 እና 6 ናቸው፤ ትንሹ የጋራ ብዜታቸው 12 ነው።

ላዕሉ፦ 12 × 1/2 + 12 × 1/3 = 6 + 4 = 10
ታህቱ፦ 12 × 3/4 − 12 × 1/6 = 9 − 2 = 7

ውጤቱ እንደገና 10/7 ነው። ዘዴው የሚሠራው ላይና ታችን በ12 ማባዛት ክፍልፋዩን በ12/12፣ ማለትም በ1 ማባዛት ስለሆነ ነው። ስለዚህም ዋጋው አይለወጥም።

እዚህ ላይ የሚታየው ስህተት 12ን በመጀመሪያው ተደማሪ ላይ ብቻ ማባዛት ነው፦

(6 + 1/3) / (9 − 1/6) = 38/53

ይህ ከ1 ያነሰ ቁጥር ነው። ትክክለኛው መልስ ግን 5/6ን ለ7/12 ማካፈል ስለሆነ፣ 5/6 ደግሞ ከ7/12 ስለሚበልጥ፣ መልሱ ከ1 መብለጥ አለበት። በዋናው መስመር የማይታይ ቅንፍ ውስጥ ያለው ተደማሪ ሁሉ በ12 መባዛት ነበረበት።

## ምን ይጣፋል፣ ምን አይጣፋም

ማጣፋት ማለት ላዕልንና ታህትን ለአንድ ዓይነት ቁጥር ማካፈል ነው። ስለዚህ የሚጣፋው ቁጥር የሙሉው ላዕል ተባዢ፣ የሙሉው ታህትም ተባዢ መሆን አለበት። ከመደመር ወይም ከመቀነስ ምልክት ጎን የቆመ ቁጥር ተደማሪ እንጂ ተባዢ አይደለም፤ ብቻውን ሊጣፋ አይችልም። በሚከተሉት ሁለት ክፍልፋዮች መካከል ያለው ልዩነት የምልክት ብቻ ነው፦

(2 × 3/5) / (2 × 1/5)
(2 + 3/5) / (2 + 1/5)

በመጀመሪያው 2 ተባዢ ስለሆነ ይጣፋል፤ የቀረው (3/5)/(1/5) ደግሞ 3 ነው። በሁለተኛው 2 ተደማሪ ነው። እሱን አጣፍቶ 3 ብሎ መመለስ ስህተት ነው። ላይና ታችን በ5 ስናባዛ (10 + 3)/(10 + 1) = 13/11 እናገኛለን። ላዕሉ 2.6፣ ታህቱ 2.2 ስለሆነ መልሱ ለ1 ቅርብ መሆኑ ሳይሰላም ይታወቃል፤ 3 ሊሆን አይችልም።

### መካከለኞቹን ማጣፋት

ሌላው ስህተት መደመር በሌለበትም ይከሰታል። የሚከተለውን እንመልከት፦

(2/3) / (3/5)

በላይኛው ክፍልፋይ ታህት 3 አለ፤ በታችኛው ክፍልፋይ ላዕልም 3 አለ። አንዱ ታህት ሌላው ላዕል በመሆናቸው የሚጣፉ ይመስላሉ። ከተጣፉ 2 × 5 = 10 ይገኛል። ትክክለኛው ስሌት ግን ይህ ነው፦

2/3 × 5/3 = 10/9

ሁለቱ 3ዎች ሲገለበጡ ሁለቱም ከታች ናቸው። በጠቅላላው (a/b) / (c/d) ሲቃለል (a × d) / (b × c) ይሆናል። ከላይ ወደ ታች ሲነበቡ ዳርና ዳር ያሉት a እና d ወደ ላዕል ይሄዳሉ፤ መካከል ያሉት b እና c ወደ ታህት ይወርዳሉ። ማጣፋት የሚቻለው ከላዕሉ ወገን አንዱን ከታህቱ ወገን ከአንዱ ጋር ነው። ሁለቱ መካከለኞች እርስ በርሳቸው፣ ሁለቱ ዳረኞችም እርስ በርሳቸው አይጣፉም። ይህን ላለመሳሳት ቀላሉ መንገድ ከመገልበጥ በፊት ምንም አለማጣፋት ነው።

### ድምርን በየተራ መገልበጥ

አንድ መኪና የተወሰነ መንገድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሄዶ በዚያው መንገድ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢመለስ የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት በሚከተለው ውስብስብ ክፍልፋይ ይሰላል፦

2 / (1/40 + 1/60)

ከታች ያሉትን ሁለቱን ክፍልፋዮች በየተራ ገልብጦ 2 × (40 + 60) = 200 ማለት ስህተት ነው፤ ከ60 በልጦ የማያውቅ መኪና በአማካይ 200 ሊሄድ አይችልም። የድምር ተገላቢጦሽ የተገላቢጦሾች ድምር አይደለም። ላይና ታችን በ120 ስናባዛ፦

240 / (3 + 2) = 240/5 = 48

መልሱ በቀጥታ ሊረጋገጥ ይችላል። የአንድ ጉዞ ርቀት 120 ኪሎ ሜትር ቢሆን መሄጃው 3 ሰዓት፣ መመለሻው 2 ሰዓት ይፈጃል። 240 ኪሎ ሜትር በ5 ሰዓት ማለት በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ነው። ብዙዎች የሚገምቱት 50 ትክክል ያልሆነው መኪናው በዝግታ የሄደበት ጊዜ ስለሚረዝም ነው።

## በፊደላት ሲጻፍ

ቁጥሮቹ በፊደላት ሲተኩ ደንቡ አይለወጥም፤ ስህተቱ ግን ይበልጥ ይደበቃል። የሚከተለውን እናቃልል፦

(1/x − 1/y) / (1/x² − 1/y²)

የተሳሳተው መንገድ ላይኛውን ከታችኛው ጋር ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማካፈል ነው፤ 1/x ለ1/x² ሲካፈል x፣ 1/y ለ1/y² ሲካፈል y ስለሆነ መልሱ x − y ነው ይባላል። ይህ ተደማሪዎችን እንደ ተባዢ መቁጠር ነው። በትክክለኛው መንገድ ትንሹ የጋራ ብዜት x²y² ነው፦

ላዕሉ፦ xy² − x²y = xy(y − x)
ታህቱ፦ y² − x² = (y − x)(y + x)

አሁን (y − x) በቅንፍ ተጠቃልሎ የሙሉው ላዕልና የሙሉው ታህት ተባዢ ስለሆነ ይጣፋል። ውጤቱ፦

xy / (x + y)

የተጣፋው ነገር ግን አንድ ገደብ ጥሎ ይሄዳል። x እና y እኩል ሲሆኑ፣ ለምሳሌ ሁለቱም 3 ቢሆኑ፣ የመጀመሪያው ክፍልፋይ 0/0 ስለሚሆን ዋጋ የለውም፤ የተቃለለው ግን 9/6 = 3/2 ይሰጣል። ስለዚህ መልሱ የተሟላ የሚሆነው ከገደቦቹ ጋር ሲጻፍ ነው፦ x ≠ 0፣ y ≠ 0፣ x ≠ y፣ x ≠ −y። ገደቦቹ የሚነበቡት ከተቃለለው ሳይሆን ከመጀመሪያው ክፍልፋይ ነው።

## መልስን መፈተሽ

የፊደላት መልስ በቁጥር በመተካት ይፈተሻል። ከላይ ባለው ምሳሌ x = 2፣ y = 3 ብንል፦

(1/2 − 1/3) / (1/4 − 1/9) = (1/6) / (5/36) = 6/5

የተቃለለው xy/(x + y) ም 6/5 ይሰጣል፤ የተሳሳተው x − y ግን −1 ነው። ለመፈተሻ 0 እና 1 አይመረጡም። 0 ብዙውን ጊዜ ታህትን ዋጋ ያሳጣል፤ 1 ደግሞ ካሬውም ተገላቢጦሹም ራሱ 1 ስለሆነ ስህተትን ይሸፍናል። ሁለቱ ውጤቶች ከተለያዩ ስህተት መኖሩ የተረጋገጠ ነው። ከተስማሙ ግን በአጋጣሚ ሊሆን ስለሚችል በሌላ ጥንድ ቁጥር መድገም ያስፈልጋል፤ እርግጠኛ ማስረጃው የማቃለሉ እርምጃዎች ራሳቸው ናቸው።