ተጨማሪ መረጃ፦ የመድኃኒት ስህተት ሪፖርት እንዴት ይጻፋል?

ለአንድ ሕፃን 40 ሚሊግራም ጄንታማይሲን ታዘዘ እንበል። ዎርዱ ውስጥ ያለው ብልቃጥ በ2 ሚሊሊትር 80 ሚሊግራም ይይዛል፤ ስለዚህ መሰጠት የነበረበት 1 ሚሊሊትር ነው። ነገር ግን ሙሉው ተሰጠ። «ነርሷ በግድየለሽነት እጥፍ ሰጠች» ብሎ መጻፍ ፍርድ ነው፤ መጠኑንም ሆነ ሰዓቱን አይነግረንም። የሚከተለው ግን ሪፖርት ነው፦

«ከጠዋቱ 4:10 ሰዓት 80 ሚሊግራም (2 ሚሊሊትር) ጄንታማይሲን በደም ሥር ተሰጥቷል። የታዘዘው 40 ሚሊግራም ነበር። ልዩነቱ በ4:25 ብልቃጡ ከትዕዛዙ ጋር ሲመሳከር ታወቀ። ተረኛው ሐኪም በ4:30 ተነግሯቸው የክሬአቲኒን ምርመራና የሽንት መጠን ክትትል አዘዋል። ለእናትየው በ4:50 ተገልጿል።»

«ምናልባት ደክሟት ይሆናል» የሚለው ግምት ቦታ የለውም። «በፈረቃው ለ14 ሕሙማን 1 ነርስ ነበረች» የሚለው ግን የሚቆጠር እውነታ ነውና ይጻፋል፤ የስህተቱን ምንጭ የሚፈልገው ገምጋሚም የሚጠቀመው ይህንን ነው። (ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በ24 ሰዓት፣ በአንዱ ብቻ ይጻፍ። 4:10 ለሌላው አንባቢ ሌሊት ሊሆን ይችላል።)

ብዙዎች የሚሳሳቱት «ጉዳት አልደረሰም» ብለው ሲዘጉ ነው። ጄንታማይሲን ኩላሊትን ቢጎዳ ምልክቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው። ስለዚህ «እስከ 6:00 ሰዓት የታየ ለውጥ የለም» ብለው ይጻፉ፤ የክትትሉን ውጤት በኋላ ይጨምሩበት።