በአንድ በር አሥር ዶላር፦ የፎርት ስኔሊንግ የእንቁጣጣሽ ደብዳቤ

መንገድን በጋራ ለማስጌጥ ጎረቤትን የሚጠራ ደብዳቤ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ጥሪው ራሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ብዙዎቹ ደብዳቤዎች የሚሰናከሉት ግን ከጥሪው ቀጥሎ በሚመጣው የገንዘብ አንቀጽ ላይ ነው። «ወጪውን እንካፈላለን» ብሎ ማለፍ ጨዋነት ይመስላል፤ አንባቢው ግን ስንት እንደሚደርስበት፣ ገንዘቡን ማን እንደሚይዝ፣ ባይከፍል ምን እንደሚባል ሳያውቅ ይቀራል። ያላወቀ ሰው ደግሞ ዝም ይላል።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ጥያቄ በደብዳቤ አይመለስም። ለጥምቀት የሰፈር ልጆች ስም ዝርዝር ይዘው ከቤት ቤት፣ ከሱቅ ሱቅ ይዞራሉ። በተሰበሰበው ገመድና ባንዲራ ይገዛሉ፣ የመንገዱን ጠርዝ ቀለም ይቀባሉ፣ ታቦቱ ሲያልፍ የሚነጠፈውን ምንጣፍ ያዘጋጃሉ። የሚጠይቀው ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል። ባለሱቁም ከእሱ በፊት የሰጠው ሰው ስንት እንዳስመዘገበ ዝርዝሩ ላይ ያያል፣ ከዚያ ማነስ ይከብደዋል። ይሉኝታው መጠኑንም ዋስትናውንም አብሮ ይሸከማል። ደብዳቤ ግን ይሉኝታ የለውም፤ ስለዚህ ፊት ለፊት ሳይነገር ይታወቅ የነበረውን ሁሉ በቃል መጻፍ አለበት።

ፎርት ስኔሊንግ ለእንዲህ ያለ የእንቁጣጣሽ ደብዳቤ ጥሩ መፈተኛ ነው። የሚኒሶታና የሚሲሲፒ ወንዞች በሚገናኙበት ገደል ላይ በ1820ዎቹ የተሠራው የጦር ምሽግ ዛሬ ሙዚየም ነው። ዙሪያውን የመንግሥት ፓርክ፣ ብሔራዊ የወታደሮች መቃብርና የሚኒያፖሊስ–ሴንት ፖል አውሮፕላን ማረፊያ ይዘውታል። ሰው የሚኖርበት ዋናው ክፍል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃና በ20ኛው መጀመሪያ ለመኮንኖችና ለወታደሮች የተሠሩት የጡብ ቤቶች ናቸው። ለአሥርተ ዓመታት ባዶ ቆመው ከከረሙ በኋላ ታድሰው በ2022 «አፐር ፖስት ፍላትስ» በሚል ስም የኪራይ አፓርታማ ሆኑ፤ ገቢያቸው ከተወሰነ ጣሪያ በታች ለሆነ ተከራዮች የታሰቡ ሲሆኑ ለቀድሞ ወታደሮች ቅድሚያ ይሰጣል። ቦታው ሚኒያፖሊስም ሴንት ፖልም አይደለም። በሄነፒን ካውንቲ ሥር ያለ፣ የራሱ ከንቲባም ምክር ቤትም የሌለው ግዛት ነው።

ይህ ለደብዳቤው ትርጉም አለው። ሚኒያፖሊስ ውስጥ መንገድ ዘግቶ የሰፈር ግብዣ ማድረግ የፈለገ ጎረቤት ለከተማው ያመለክታል። በተለይ በኦገስት የመጀመሪያ ማክሰኞ ምሽት ብዙ መንገዶች እንዲህ ይዘጋሉ። እዚህ ግን የሚያመለክቱበት ማዘጋጃ ቤት የለም። በቤቶቹ መካከል ላለው መተላለፊያና ሣር የመጀመሪያው ጥያቄ የሚቀርበው ለአፓርታማው አስተዳደር ቢሮ ነው። ፈቃዱም ደብዳቤው ከመታተሙ በፊት በጽሑፍ መገኘት አለበት። መንገዱን ለመኪና መዝጋት ሳያስፈልግ የግራና የቀኙን ዳር ብቻ ማስጌጥ ፈቃዱን በጣም ያቀለዋል።

አስተዳደሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው ግድግዳው ላይ ምን እንደሚደረግ ነው። ስፍራው ከ1960 ጀምሮ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ስለሆነ መቶ ዓመት ባለፈው ጡብ ላይ ምስማር መምታት አይታሰብም። ተለጣፊ ፕላስተርም ሲነሣ አሻራ ይተዋል። ስለዚህ ጌጡ መሬት ላይ የሚቆም ወይም በገመድ የሚታሰር ይሁን፦ የአበባ ማሰሮ፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ የተወጠረ ገመድና በላዩ የተንጠለጠለ የጨርቅ ጥብጣብ። የሚያብረቀርቅ የሂሊየም ፊኛ ይቅር። አምልጦ ሲሄድ በአቅራቢያው ባለው የብሉ ላይን ባቡር የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ሊያርፍና መስመሩን ሊያቃጥል ይችላል። ፓርኩ ውስጥ የሚታየውን ቢጫ የዱር አበባ ቆርጦ አደይ ማድረግም ያጓጓል፤ በሚኒሶታ የመንግሥት ፓርኮች ግን አበባ መቅጠፍ ክልክል ነው። በሴፕቴምበር ገበያው ላይ የሚሞላው ቢጫ ክሪሳንተመም ይበቃል።

ባንዲራን በተመለከተ የእኔ ምክር አጭር ነው፦ ይቅር። ዓርማ ያለው ይሁን የሌለው የሚለው ክርክር ከአበሻ ጎረቤት ግማሹን ከበዓሉ ሊያስቀር ይችላል። ቢጫ አበባ ግን ማንንም አያስኮርፍም።

ቀኑም እንዲሁ ማሰብ ይፈልጋል። የ2019 ዓ.ም. መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2026 ላይ ይውላል፣ ቀኑም ዓርብ ነው። ሴፕቴምበር 11 በአሜሪካ ባንዲራ ዝቅ ብሎ የሚውለበለብበት የሐዘን መታሰቢያ ነው፤ ጎረቤቱ የቀድሞ ወታደር፣ ማዶው ደግሞ የወታደሮች መቃብር በሆነበት ሰፈር ያን ቀን ጥብጣብ መወጠር ደግ አይሆንም። ዓርብ በመሆኑም ጾም ነው፤ ቅቤ የገባበት ዳቦ አይቆረስበትም። በማግስቱ ቅዳሜ ሁለቱም ችግር የለም። ለዝናብ የሚያዘው ተጠባባቂ ቀን እሑድ ከሆነ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በመንገዱ ዳር ባሉት ቤቶች ሃያ በሮች አሉ እንበል። የጥብጣቡ ጨርቅ 60 ዶላር፣ ገመድና መንጠቆ 24፣ እያንዳንዱ 8 ዶላር የሚያወጣ አሥራ ሁለት ማሰሮ አበባ 96፣ ለቡና፣ ለፈንዲሻና ለዳቦ 60 ቢያስፈልግ ድምሩ 240 ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «240 ዶላር ለተሳታፊዎች እኩል ይካፈላል» ብሎ ይጽፋል። ሃያውም ቢገቡ ለአንዱ 12 ዶላር ነው። አሥራ ሁለት ብቻ ቢገቡ 20 ይሆናል፣ ስምንት ቢገቡ 30። እያንዳንዱ የቀረ ሰው የገቡትን ድርሻ ያስወድዳል፤ የተወደደበትም ሰው በተራው ይቀራል። ሰው «ስንት ሰው ገባ?» እያለ መጠየቅ ከጀመረ ስሌቱ መንሸራተት ጀምሯል ማለት ነው፤ ሁሉም ሌላው እስኪገባ ይጠብቃል።

መፍትሔው ስሌቱን መገልበጥ ነው፦ መዋጮው ይቆረጥ፣ ግዢው ይለዋወጥ። በአንድ በር 10 ዶላር ይባል። ቡናው፣ ፈንዲሻውና ዳቦው ከገንዘቡ ወጥተው ከየቤቱ ይምጡ። ከዚያ ግዢው በቅደም ተከተል ይሄዳል፦ መጀመሪያ ጨርቅና ገመድ፣ 84 ዶላር፤ የቀረው በሙሉ አበባ። አሥራ ሁለት በር ከከፈለ 120 ዶላር ይሰበሰባል፣ 36 ይተርፋል፣ አራት ማሰሮ ይገዛል። አሥራ ስድስት ከከፈለ ዘጠኝ ማሰሮ። ስምንት ብቻ ቢከፍል 80 ዶላር ጨርቁንና ገመዱን እንኳ ስለማይሞላ ጥብጣቡ ያጥራል፣ አበባውን የፈለገ ከቤቱ ያወጣል። በየትኛውም ሁኔታ አስቀድሞ የከፈለ ሰው ተጨማሪ አይጠየቅም።

ይህ የሚሠራው ገንዘቡ ከግዢው በፊት ሲሰበሰብ ብቻ ነው። በሞቅታ ከኪሱ አውጥቶ የገዛ አስተባባሪ በኋላ እዳ አስከፋይ ይሆናል፤ ጎረቤቱም ሊፍት ውስጥ ሲያየው መሸሽ ይጀምራል። ሥራውን እንደ ዕድር መከፋፈልም ይበጃል። ገንዘቡን አንዱ ይያዝ፣ ግዢውን ሌላው ይፈጽም፣ ሦስተኛው ይመዝግብ። ለሁለት መቶ ዶላር ይህ የተጋነነ ይመስላል፤ ግን ማንም እምነቱ ሳይጠየቅ ደረሰኝ ለማሳየት ያስችላል።

የሚከብደው ለማይከፍለው ሰው የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር ነው። «ያልቻለ በጉልበት ይርዳ» ማለት የተለመደ ነው፤ ቸርነት ይመስላል። ጉዳት ግን አለው፤ መሰላል ላይ የወጣውን ሁሉ ገንዘብ የሌለው ያስመስለዋል። ኪራዩ በገቢ ጣሪያ በሚወሰንበት ግቢ ደግሞ ማን ስንት እንዳወጣ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነውር ነው። ገንዘቡና ሥራው ፈጽሞ ይለያዩ፤ ያልከፈለም ለማንም ማሳወቅ አይጠበቅበት።

እነዚህን ሁሉ የያዘው ደብዳቤ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ለተከበራችሁ ጎረቤቶቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? የኢትዮጵያን አዲስ ዓመት ምክንያት አድርገን መንገዳችንን በቢጫ አበባና በጨርቅ ጥብጣብ አብረን ልናስጌጥ አስበናል። ቀኑ ቅዳሜ ሴፕቴምበር 12 ሲሆን በአሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ 10 እስከ ከሰዓት 2 ነው። ዝናብ ከጣለ በማግስቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይሆናል። አስተዳደሩ ፈቅዶልናል።

መዋጮው በአንድ በር 10 ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ አንጠይቅም። እስከ ኦገስት 30 በፖስታ ወይም በዜል ለገንዘብ ያዣችን ይድረስ። የምንገዛው በተሰበሰበው ልክ ነው። የተረፈው ለሚቀጥለው ዓመት አበባ ይቀመጣል፤ ደረሰኞቹን በዕለቱ ማየት ይቻላል። መዋጮው የማይመቸው ጎረቤት ማሳወቅ አያስፈልገውም፤ ይምጣልን። ቡናው፣ ፈንዲሻውና ዳቦው ከየቤታችን ይመጣል። መሰላል፣ መቀስ ወይም ጀበና ያላችሁ ብታውሱን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር» — ከዚያ የሦስቱ አስተባባሪዎች ስምና የበር ቁጥር።

«በአሜሪካ ሰዓት» የሚለው ሐረግ እንዳይወጣ፤ እሱ ከሌለ አንድ እትዬ አመሻሹ ላይ ጀበናቸውን ይዘው ባዶ መንገድ ላይ ይቆማሉ። በወረቀቱ ጀርባ ያው ቃል፣ ያው 10 ዶላር በእንግሊዝኛ ይታተም፤ ለአበሻው አንድ፣ ለሌላው ሌላ ውል ያለ እንዳይመስል። ወረቀቱ በፖስታ ሳጥን ውስጥ አይጨመርም። ቴምብር የሌለበትን ወረቀት በሰው የፖስታ ሳጥን ማስገባት በፌዴራል ሕግ የሚያስቀጣ ነው። በር ሥር ይንሸራተት፣ ወይም የሚሻለው፣ አንኳኩቶ በእጅ ይሰጥ። ሰጪው ግን በዚያች ቅጽበት ገንዘብ አይቀበል፤ አለዚያ ያ የስም ዝርዝር በሌላ በር ይመለሳል።

በሁለተኛው ዓመት ሒሳቡ ይቀላል። ጨርቁና ገመዱ ታጥቦ ተጠቅልሎ ስለሚቆይ የሚገዛው አበባ ብቻ ነው፤ መዋጮው ወደ 5 ዶላር ሊወርድ ይችላል። አምና 10 የከፈለ አንዳንድ ሰው «አዲስ የገባው ተከራይ ለምን በእኛ ጨርቅ?» ማለቱ አይቀርም። ይህን ለማስቀረት ጨርቁ የከፋዮቹ ሳይሆን የመንገዱ እንደሆነ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አንድ መስመር ጨምሮ መጻፍ ይሻላል፤ በማን ጓዳ እንደሚቀመጥም እዚያው ይገለጽ።