የተሰረዘው ዋጋ እውነት ተከፍሎ ያውቃል?

የጀርመኑ ሱፐርማርኬት አልዲ ዙድ በአንድ የማስታወቂያ ወረቀቱ ላይ ሙዝ በ1.29 ዩሮ አቅርቦ ነበር። የቀድሞው ዋጋ 1.69 ተብሎ፣ ጎላ ባለ ቁጥር 23 በመቶ ቅናሽ ተጻፈበት። በደቃቅ ፊደል የተቀመጠው መረጃ ግን ሌላ ነበር፤ ባለፉት 30 ቀናት ሙዙ የተሸጠበት ዝቅተኛ ዋጋ ያው 1.29 ነው ይላል። ዋጋው በወሩ ውስጥ ወጥቶ ወደነበረበት ተመለሰ እንጂ ለሸማቹ አዲስ ቅናሽ አልመጣም።

የሸማቾች ማኅበር ከሰሰ፤ ጉዳዩም ሉክሰምበርግ እስካለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 በሰጠው ውሳኔ፣ ዝቅተኛውን ዋጋ ጥግ ላይ መጻፍ ብቻውን እንደማይበቃ፣ የቅናሹ መቶኛ ራሱ ከዚያ ዋጋ ተነስቶ መሰላት እንዳለበት ገለጸ። በዚህ ስሌት የሙዙ ቅናሽ ዜሮ ነው።

ይህ የ30 ቀን ሕግ በኅብረቱ አገሮች ከግንቦት 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሠራል። የታሰበው ለተለመደ ማታለያ ነው። ዓመቱን ሙሉ በ60 ዩሮ የተሸጠ ጫማ፣ ከትልቁ የኅዳር ቅናሽ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወደ 90 ይወጣል፤ ቀኑ ሲደርስ 90 ተሰርዞ 60 ይጻፋል። ገዢው 30 ዩሮ ያተረፈ ይመስለዋል፤ የከፈለው ግን የዘወትሩን ዋጋ ነው።

ሕጉ ቀዳዳ አለው። ነጋዴው 90ውን ከአንድ ወር በላይ ከታገሠው፣ 90 ሕጋዊ መነሻ ይሆንለታል። ስለዚህ ውድ ዕቃ ስትገዙ የ30 ቀኑ ብቻ አይበቃችሁም፤ idealo ወይም Keepa ላይ ዕቃውን ፈልጋችሁ የብዙ ወራት የዋጋ መስመሩን ተመልከቱ። መስመሩ ለረጅም ጊዜ ዝቅ ብሎ ቆይቶ ቅናሹ ሊታወጅ ሲል ድንገት ከወጣ፣ የተሰረዘው ዋጋ ለማስታወቂያ ሲባል የተሰቀለ ሳይሆን አይቀርም።

በጀርመን መደብሮች UVP የሚለውንም ልብ በሉ። ይህ አምራቹ «በዚህ ዋጋ ቢሸጥ» ብሎ የሚመክረው እንጂ ሱቁ ያስከፈለው ዋጋ አይደለም። አንድም ሰው በዚያ ዋጋ ሳይገዛ ዕቃው ዓመቱን ሙሉ «ከUVP በታች» ሊባል ይችላል። እኔ ከዚህ ቁጥር ተነስቶ የተሰላን መቶኛ ከቅናሽ አልቆጥረውም፤ የማወዳድረው ሌሎች ሱቆች ዛሬ ከሚሸጡበት ጋር ነው።

የዋጋ ታሪክ የሚያሳይ ድረ ገጽ በሌለበት አገር፣ ልትገዙት ያሰባችሁትን ዕቃ ዋጋ ቀደም ብላችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ማስታወቂያው የ30 ቀኑን ዋጋ ከደበቀ ወይም መቶኛውን ከሌላ ቁጥር ካሰላ፣ ወረቀቱን አትጣሉት፤ በክፍለ አገራችሁ ላለው Verbraucherzentrale ላኩት። የሙዙን ክስ ያቀረበው የባደን ቩርተምበርጉ ነው።