«የደንበኞች ድጋፍ ነኝ» ያለው ሰው

የእህቴ ልጅ ቤቲንግ ይጫወታል። አልወድለትም፤ ብዙ ጊዜም ተጨቃጭቀንበታል። ባለፈው ወር ግን ጠብ የማያስነሳ ጉዳይ ይዞ መጣ፤ ተዘርፏል።

ቅዳሜ ማታ ከአካውንቱ 3,400 ብር ለማውጣት ጠይቆ ሳይደርሰው ቀረ። በድርጅቱ የቴሌግራም ቻናል ሥር ቅሬታውን ከነስልክ ቁጥሩ ጻፈ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ሰው በውስጥ መስመር «የደንበኞች ድጋፍ ነኝ» አለው። አርማው ያው የድርጅቱ ነው። በኋላ መነጽሬን አድርጌ ሳየው ግን በመጠሪያው ውስጥ አንዲት ፊደል ተደግማለች።

ሰውየው «ሂሳብዎ ታግዷል፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ያረጋግጡ» ብሎ ሊንክ ላከ። ልጁ ከፈተው፤ ገጹ ቁርጥ የድርጅቱ ነው። ስልኩንና የይለፍ ቃሉን አስገባ። ወዲያው ባለስድስት አኃዝ ኮድ በኤስኤምኤስ መጣለት። «ኮዱን ላክልኝ» ተባለ፤ ላከ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በአካውንቱ የቀረው 2,150 ብር የለም።

ኮዱን የላከው እውነተኛው ድርጅት ነው፤ ልጁን ያሳመነውም ይኸው ነው። ሌባው በሐሰተኛው ገጽ የተጻፈለትን ወስዶ በዚያው ቅጽበት እውነተኛው ገጽ ላይ ሲያስገባ፣ ድርጅቱ «ባለቤቱ ነህ?» ብሎ ወደ ልጁ ስልክ ኮድ ይልካል። እኛ መድኃኒት ስንሰጥ የበሽተኛውን ስምም የካርድ ቁጥርም እንደምናየው ማለት ነው። ኮዱን የሚያመነጨውም የሚያመሳክረውም ማሽኑ ስለሆነ የድጋፍ ሠራተኛ ኮዱን የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም። የጠየቀ ሌባ ነው።

አብረን ተቀመጥን። የድርጅቱን አድራሻ በሊንክ ሳይሆን በእጃችን ጽፈን ገባንና የይለፍ ቃሉን ቀየርን። ለካ ለኢሜይሉም የሚጠቀመው ያንኑ ነው፤ እሱንም ቀየርን። ከዚያ በደህንነት ገጹ ላይ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን በጉግል ኦተንቲኬተር አደረግነው። ይህ መተግበሪያ በየ30 ሰከንዱ የሚቀየር ኮድ እዚያው ስልኩ ላይ ያሳያል፤ አንድ ሰው ሲም ካርዱን በስሙ ቢያወጣበት እንኳ ኮዱን አያገኘውም። ስልኩ ቢጠፋ መግቢያ የሚሆኑትን መጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ጻፍናቸው። ሆኖም ይህም ኮድ ሐሰተኛ ገጽ ላይ ከተጻፈ ሌባው በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ይጠቀምበታል። አድራሻውን ፊደል በፊደል ማየት አይቀርም።

ቴሌግራሙንም በ Settings፣ በ Privacy and Security ገብተን Two-Step Verification አበራንለት። Devices የሚለውን ከፍተን የማናውቀው ስልክ አለመኖሩንም አየን።

የዘገየው 3,400 ብር እሑድ ጠዋት ራሱ ገባ። የተሰረቀው አልተመለሰም። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ሌላ «የድጋፍ ሠራተኛ» ጻፈለት፤ «የተወሰደብህን አስመልስልሃለሁ፤ ለማስፈጸሚያ 500 ብር ላክ» ይላል። ልጁ ስልኩን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ፤ መጠሪያውን አብረን አየንና ብሎክ አደረገው።