የዋጋ ንረት ከፍሎ ሥራ መግዛት ይቻላል?

በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዋሽንግተን ወደሚገኘው የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ማለትም ወደ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ በፖስታ ይመጣ የነበረው ደብዳቤ ብቻ አልነበረም። ቤት ሠሪዎች ቁራጭ እንጨት ይልኩ ነበር፤ ወለድ ይቀነስልን የሚል መልእክት እየጻፉበት። መኪና ነጋዴዎች የሚገዛቸው ያጡ መኪኖችን ቁልፍ ላኩ። ገበሬዎች ደግሞ ትራክተር እየነዱ መጥተው የባንኩን ሕንፃ ከበቡ። የሁሉም ቁጣ ያረፈው በሊቀ መንበሩ በፖል ቮልከር ላይ ነበር። ቮልከር በኦገስት 1979 ሥልጣን ከያዘ በኋላ ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት የአንድ ሌሊት ወለድ ወደ 20 በመቶ ተጠጋ፤ በ1982 መጨረሻ የሥራ አጡ ቁጥር 10.8 በመቶ ደረሰ።

አንድ የባንክ ኃላፊ ይህን ያህል ሰው ሥራ እንደሚያሳጣ እያወቀ ለምን ወለድ ይጨምራል? መልሱን ለማግኘት ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ኢኮኖሚስቶች ወደተማመኑበት አንድ መስመር መመለስ ያስፈልጋል።

መስመሩን ያሰመረው በለንደን ያስተምር የነበረው የኒውዚላንድ ተወላጅ ቢል ፊሊፕስ ነው። በ1958 ባሳተመው ጥናት የብሪታንያን መረጃ ከ1861 እስከ 1957 ድረስ ሰብስቦ፣ ሥራ አጥ ሲያንስ ደመወዝ ቶሎ እንደሚያድግ፣ ሥራ አጥ ሲበዛ ደግሞ ዕድገቱ እንደሚዘገይ አሳየ። ነገሩ እንግዳ አይደለም። አሠሪ ሠራተኛ ሲያጣ የተሻለ ይከፍላል፤ በር ላይ የተሰለፈ ሥራ ፈላጊ ሲያይ ግን አይቸኩልም። ከሁለት ዓመት በኋላ ፖል ሳሙኤልሰንና ሮበርት ሶሎው የተባሉ አሜሪካውያን ሐሳቡን ወደ አገራቸው ወስደው፣ በደመወዝ ፋንታ የሸቀጥ ዋጋን አስገቡበት። በእነሱ ግምት አሜሪካ ዋጋ ፈጽሞ እንዳይጨምር ከፈለገች 5.5 በመቶ ያህል ሥራ አጥ መታገሥ ነበረባት። ሥራ አጡን ወደ 3 በመቶ ማውረድ ከፈለገች ደግሞ በዓመት ከ4 እስከ 5 በመቶ የዋጋ ንረት መቀበል ይኖርባታል።

ለፖለቲከኛ ከዚህ የተሻለ ዜና ከየት ይመጣል? ትንሽ የዋጋ ንረት ተቀብሎ ብዙ ሥራ ማግኘት! ሁለቱ ምሁራን ግን ሰዎች ስለ ዋጋ ያላቸው ግምት ሲለወጥ መስመሩ ከቦታው ሊንቀሳቀስ እንደሚችል በዚያው ጽሑፍ አስጠንቅቀው ነበር። አኃዙን ያነሡት ብዙዎች ማስጠንቀቂያውን ጥለው ሄዱ።

የ1960ዎቹ አሜሪካ መስመሩን የምታረጋግጥ ትመስል ነበር። በ1961 ሥራ አጡ 6.7 በመቶ፣ የዋጋ ንረቱ 1 በመቶ ያህል ነበር። በ1969 ሥራ አጡ ወደ 3.5 በመቶ ወረደ፤ ንረቱ ወደ 5.5 በመቶ ወጣ። በመካከል ያሉት ዓመታትም ከሞላ ጎደል በዚያው ጎዳና ላይ ተደርድረዋል።

ነገሩ እንዲህ ያማረ በሚመስልበት ሰዓት ነው ሚልተን ፍሪድማን በዲሴምበር 1967 የአሜሪካ ኢኮኖሚስቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ባደረገው ንግግር ይህ ልውውጥ ጊዜያዊ ነው ያለው። ኤድመንድ ፌልፕስም በራሱ መንገድ እዚያው መደምደሚያ ላይ ደርሶ ነበር። መረጃው ገና ሳይከዳቸው፣ በአመክንዮ ብቻ መስመሩ እንደሚፈርስ መናገራቸው በኢኮኖሚክስ ታሪክ ብዙ የማይታይ ድፍረት ነው።

ክርክራቸው የሚጀምረው ከሠራተኛው ኪስ ነው። አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ማኅበር የሦስት ዓመት የኅብረት ስምምነት ሲፈርም ዋጋ በዓመት 2 በመቶ ይጨምራል ብሎ ገምቶ ደመወዙን በዚያው ልክ ያስተካክላል እንበል። መንግሥት ገንዘብ አብዝቶ ገበያውን ሲያሟሙቀው ዋጋው 4 በመቶ ይጨምራል። ፋብሪካው ምርቱን ከታሰበው በላይ በሆነ ዋጋ ይሸጣል፤ የሚከፍለው ደመወዝ ግን በውሉ እንደታሰረ ነው። ስለዚህ ሠራተኛ መቅጠር ያዋጣዋል፤ ሥራ አጡም ይቀንሳል። የአጭር ጊዜው የፊሊፕስ መስመር የሚሠራው በዚህ ክፍተት፣ ማለትም በተገመተውና በሆነው የዋጋ ንረት መካከል ባለው ልዩነት ነው። ውሉ ሲያልቅ ግን ሠራተኛው የገበያውን ዋጋ አይቷል። ቀጣዩን ውል የሚደራደረው ከ2 ሳይሆን ከ4 በመቶ ተነሥቶ ነው። በዚያን ጊዜ አሠሪው ያገኘው የነበረው ትርፍ ይጠፋል፤ ቅጥሩም ወደ ነበረበት ይመለሳል። የዋጋ ንረቱ ግን 4 በመቶ ላይ ይቀራል።

ይህን በቁጥር መከታተል ይቻላል። ምሳሌው ለማስረዳት የተመረጠ እንጂ የአንድ አገር መረጃ አይደለም። ንረቱ ሳይፋጠንም ሳይቀንስም የሚቆይበት የሥራ አጥ መጠን፣ ፍሪድማን «ተፈጥሯዊ» ያለው፣ 6 በመቶ ይሁን። ሕዝቡ የሚገምተው የዘንድሮ ንረት አምና ያየውን ነው። ሥራ አጡ ከ6 በመቶ በአንድ ነጥብ ዝቅ ብሎ አንድ ዓመት ሲቆይ ንረቱ ከተገመተው በግማሽ ነጥብ ይበልጣል። አሁን መንግሥት 4 በመቶ ሥራ አጥ ይበቃኛል ብሎ በዚያ ጸና። ከተፈጥሯዊው በሁለት ነጥብ ዝቅ ስላለ ንረቱ በየዓመቱ አንድ ነጥብ ይጨምራል፤ ከ2 ተነሥቶ 3፣ ከዚያ 4፣ በአምስተኛው ዓመት 7 በመቶ ይደርሳል። መንግሥት ደንግጦ ሥራ አጡን ወደ 6 ቢመልሰው ንረቱ ወደ 2 አይወርድም፤ ሁሉም ሰው 7 መጠበቅ ስለለመደ እዚያው 7 ላይ ይቆማል። ወደ 2 ለመመለስ ሥራ አጡን 8 በመቶ አድርጎ አምስት ዓመት መቆየት ያስፈልጋል። በአምስት ዓመት የተገኘው ሥራ በሌላ አምስት ዓመት አንድም ሳይቀር ተመልሶ ይከፈላል ማለት ነው።

እንግዲህ መስመሩ አንድ አይደለም። ሕዝቡ 2 በመቶ ሲጠብቅ አንድ የአጭር ጊዜ መስመር አለ፤ 7 በመቶ ሲጠብቅ ሌላ፣ ከፍ ብሎ የተሰመረ መስመር አለ። የረጅም ጊዜው መስመር ግን 6 በመቶ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ከጊዜ ብዛት የሚመረጠው የንረቱ ከፍታ ብቻ ነው፤ የሥራው ብዛት በንረት አይገዛም።

1970ዎቹ ይህን በአደባባይ አሳዩ። በ1970 ሥራ አጡ ወደ 4.9 በመቶ ሲጨምር ንረቱ አልወረደም። በኦገስት 1971 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ደመወዝና ዋጋ እንዳይንቀሳቀስ አገዱ፤ ንረቱ ለጊዜው ተደበቀ እንጂ አልጠፋም። በ1973 መጨረሻ የነዳጅ ዋጋ ሲፈነዳ፣ በ1974 ንረቱ 11 በመቶ ደረሰ፤ በቀጣዩ ዓመት ሥራ አጡ 8.5 በመቶ ሆነ። ሁለቱ በአንድ ላይ ከፍ አሉ፤ የድሮው መስመር ይህን አይፈቅድም ነበር። ነዳጁን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ ግን አይበቃም። ዋጋ አንድ ጊዜ ወጥቶ መቆም ይችል ነበር፤ በየዓመቱ እንዲጨምር ያደረገው ውሎችና ኪራዮች ሁሉ ይጨምራል በሚል ግምት መፈረማቸው ነው። በ1980 ንረቱ 13.5 በመቶ ሲሆን፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጥናት የተጠየቁ አባወራዎችና እማወራዎች ለቀጣዮቹ አምስትና አሥር ዓመታት በየዓመቱ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ንረት ይጠብቁ ነበር።

ቮልከር የገጠመው እንግዲህ ይህን ግምት ነው። በ1984 አማካዩ ንረት 4.3 በመቶ ነበር። ሥራ አጡ 6 በመቶን ያለፈበትን ልክ ከ1980 እስከ 1984 በየዓመቱ ቢደምሩት ወደ 11 ተኩል ነጥብ ይመጣል፤ በዚህ የወረደው ንረት 9 ነጥብ ያህል ነው። ከላይ በምሳሌው ሒሳብ ቢሄድ ክፍያው 18 ነጥብ ይሆን ነበር። የረከሰው በከፊል የነዳጅ ዋጋ ስለረገበ፣ በከፊል ደግሞ ሕዝቡ አምናን ብቻ ሳይሆን የባንኩን ጽናትም ማየት ስለጀመረ ነው። ባንኩ ቆራጥነቱን ካሳወቀ ንረት ያለ ምንም ሥራ አጥነት ይወርዳል የሚሉ ምሁራንም ነበሩ፤ የ1982ቱ የሥራ አጥ ሰልፍ አላገዛቸውም። ማስታወቂያ ብቻውን እምነት አያመጣም። በ1984 አጋማሽ ንረቱ 4 በመቶ አካባቢ ሆኖ ሳለ ለአሜሪካ መንግሥት ለአሥር ዓመት የሚያበድሩ ሰዎች ከ13 በመቶ በላይ ወለድ ይጠይቁ ነበር፤ ንረቱ ይመለሳል የሚለው ፍርሃት ገና ከልባቸው አልወጣም።

ችግሩ ተፈጥሯዊው መጠን በየትኛውም መሥሪያ ቤት የማይለካ መሆኑ ነው። በ1970ዎቹ ባለሥልጣናት 4 በመቶ አካባቢ ነው ብለው ሲሠሩ፣ እውነተኛው ከዚያ ከፍ ብሎ ነበር። በ2012 ደግሞ ፌዴራል ሪዘርቭ ከ5 በመቶ በላይ ብሎ ገመተ፤ በ2019 ሥራ አጡ 3.5 በመቶ ደርሶ ንረቱ ከ2 በመቶ አላለፈም። ስለዚህ ባለሙያ የሚከታተለው የሥራ አጡን ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የሕዝብ ግምት መጠይቆችን፣ የረጅም ጊዜ ብድር ወለድን፣ የደመወዝ ስምምነቶችን ጭምር ያያል። ንረቱ ከፍ ሲል እነዚህ ካልተከተሉት ኢኮኖሚው በድሮው መስመር ላይ ነው፤ ከተከተሉት መስመሩ ራሱ ተነሥቷል።

ይህን መለኪያ ሳይቀይሩ ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት አይቻልም፤ አብዛኛው ሠራተኛ ደመወዝተኛ ሳይሆን በራሱ እርሻና ንግድ ስለሚተዳደር የሥራ አጡ ቁጥር የገበያውን ሙቀት በደንብ አይናገርም። የግምቱ ጎን ግን ለአንባቢው እንግዳ አይሆንም። በ2022 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። በዚህ ልዩነት ብር መያዝ መክሰር እንደሆነ የተረዳ ሰው መሬት፣ መኪና፣ ዶላር ይፈልጋል፤ አከራይም የመጪውን ዓመት ኑሮ አስልቶ ኪራይ ይጨምራል።

ያው 2022 በአሜሪካም መፈተኛ ዓመት ነበር። በጁን ንረቱ 9.1 በመቶ ሲደርስ የቀድሞው የገንዘብ ሚኒስትር ላሪ ሰመርስ ንረቱን ለማብረድ አምስት ዓመት ከ5 በመቶ በላይ ሥራ አጥነት ያስፈልጋል አሉ። ሒሳባቸው ከ1980ዎቹ ጋር ይመሳሰላል። የዚያን ጊዜው ሕዝብ ግን ለሩቁ ጊዜ 10 በመቶ ይጠብቅ ነበር፤ የ2022ቱ 3 በመቶ አካባቢ። ፌዴራል ሪዘርቭ ወለዱን ከ5 በመቶ በላይ አወጣ፤ የወረርሽኙ ጊዜ የአቅርቦት መጨናነቅም ተቃለለ። በጁን 2023 ንረቱ 3 በመቶ ሲሆን፣ ሥራ አጡ ከዓመት በፊት በነበረበት 3.6 በመቶ ላይ ነበር።